አንድ ታሪክ በአስራ አንድ ዘፈን፦ የአንድ የደሴ ባንድ ሙከራ

መነሻ

ደሴ ውስጥ በሠርግና በሆቴል ምሽቶች የሚጫወት አንድ ባንድ አለ። አባላቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ድራም፣ ቤዝ ጊታር፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድና ክራር አላቸው። የግጥሙ ደራሲ የአማርኛ መምህር ነው። ይህ ባንድ ከመጀመሪያ ዘፈን እስከ መጨረሻው አንድ ታሪክ የሚናገር አልበም ለመሥራት ተነሳ። ቀረጻውና ሚክሱ በእኔ አነስተኛ ስቱዲዮ ስለተሠራ ሥራውን ከዴሞ እስከ መድረክ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። የታሪኩን ገጸ ባሕርያትም ለዚህ ጽሑፍ ስል ሌላ ስም ሰጥቻቸዋለሁ።

ኮንሰፕት አልበም የሚባለው ዘፈኖቹ በአንድ ሐሳብ ወይም ስሜት የተሳሰሩበት ሥራ ነው። ሴራ ባይኖረውም ይሆናል። ሮክ ኦፔራ ግን ገጸ ባሕርያት አሉት፣ የሚሆን ነገር አለ፣ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ልጆቹ የፈለጉት ሁለተኛውን ነው። በአርአያነት የያዙት ዘ ሁ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1969 እ.ኤ.አ. ያወጣውን «ቶሚ» ነበር።

ታሪኩ

ሁለት ጓደኛሞች አሉ፣ ሙሉ እና ከድጃ። ከሐይቅ አካባቢ ናቸው። አብረው ያደጉ፣ በዓል በመጣ ቁጥር አንዷ በሌላዋ ቤት የምትበላ ልጆች ናቸው። ባቲ ገበያ ላይ አንድ ደላላ ያገኛቸዋል። በአፋር በኩል ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ ወደ ሳዑዲ ሊያሻግራቸው ይስማማል። ከድጃ ባሕሩን ሳታይ በረሃው ላይ ትሞታለች። ሙሉ ጅዳ ትደርሳለች፣ ሥራም ታገኛለች። ለከድጃ እናት ግን እውነቱን መናገር ያቅታታል። በከድጃ ስም ገንዘብ መላክ ትጀምራለች። በከድጃ ስም መልእክት ትጽፋለች። ዓመታት ያልፋሉ። በመጨረሻ ትመለሳለች፣ ከእናትየው በር ላይም ትቆማለች።

ወሎ ውስጥ ለኖረ ሰው ይህ ታሪክ ማብራሪያ አያሻውም። መንገዱን ሁሉም ያውቀዋል። ለዘፈንም ይመቻል፣ ምክንያቱም እምብርቱ ምስጢር ነው። በአልበሙ ውስጥ ያለች አንዲት ሴት የማታውቀውን ነገር አድማጩ ያውቃል። ግን አድማጩ ራሱ ነገሩን ካልያዘው ሁሉም ነገር ይፈርሳል። የሆነውም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ

የመጀመሪያው ዴሞ 16 ዘፈን ነበረው፣ 78 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለቱንም ልጆች የዘፈነቻቸው አንድ ዘፋኝ ናት። በየመሀሉ አንድ ተራኪ እየገባ «ከዚያም ወደ ሰመራ አቅጣጫ ተጓዙ» እያለ ያወራል። የከድጃ ሞት የሆነው በአምስተኛውና በስድስተኛው ዘፈን መካከል ነው። አምስተኛው ላይ ሁለቱ ይሄዳሉ፤ ስድስተኛው ላይ ሙሉ ብቻዋን ታለቅሳለች።

ዜማዎቹ ጥሩ ነበሩ። ግጥሙም ሰምና ወርቅ ያለው፣ የመምህር ግጥም ነው። በልምምድ ላይ ሁሉም ሰው ደስ ብሎት ነበር። ታሪኩን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ያንን ዴሞ ሲሰማ እንባው ይመጣል። ችግሩ ስቱዲዮው ውስጥ ታሪኩን ቀድሞ የማያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው።

የማድመጥ ሙከራው

ስለዚህ ዴሞውን ለሌሎች ሰጠን። ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለአንድ ሻይ ቤት ደንበኞች፣ ለኪቦርድ ተጫዋቹ እናትና ለጎረቤቶቿ። ወረቀት አልሰጠናቸውም፣ ስለ ታሪኩም ምንም አልነገርናቸውም። ከሰሙ በኋላ «ምን ሆነ?» ብቻ ብለን ጠየቅን። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ጋ ዋጋ የለውም። ሰው ይሉኝታ አለው፣ «አሪፍ ነው» ይልሃል።

አብዛኛው ሰው ሁለቱን ልጆች አንድ አደረጋቸው። ድምፁ አንድ ነው፣ ሁለቱም «እኔ» ይላሉ፣ ታዲያ በምን ይለያቸው? የጉዞውን ዘፈን ብዙዎቹ የፍቅር ዘፈን ነው አሉ። ይህም አያስገርምም። በአማርኛ ዘፈን «አንቺ» ስትባል ጆሮ የሚጠብቀው ፍቅረኛን ነው። ስድስተኛውን ዘፈን ሰምተው «ሰውዬው ትቷት ሄደ» ያሉ ነበሩ። የትኛው ሰውዬ? እኛ ዘንድ ሰውዬ የለም። የሞተ ሰው አለ ያለ ግን ከሁለት አይበልጥም።

ሌላም ጠለቅ ያለ ምክንያት ነበረው። የእኛ የዘፈን ግጥም በሁለት በሁለት ስንኝ ነው የሚሄደው። አንዱ ጥንድ ስለ ሐይቅ፣ ቀጣዩ ስለ እናት፣ ቀጣዩ ስለ ጨረቃ ቢሆን አድማጭ ቅር አይለውም፣ ልማዱ ነው። አዝማሪ ከአንዱ ዘፈን ስንኝ አንስቶ ሌላው ላይ ቢያሳርፈው ይጨበጨብለታል። አድማጩ እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው አጣጥሞ ይለቀዋል። ከአሥር ደቂቃ በፊት ከሰማው ጋር አያገናኘውም። ታሪክን ከእንዲህ ካለ ጆሮ ፊት ማቅረብ ሌላ ብልሃት ይጠይቃል። ሰምና ወርቁም በሴራው ወሳኝ ቦታ ላይ ጎዳን። አድማጩ ወርቁን ሲፈልግ ቀጣዩ ስንኝ ያልፈዋል።

ይህ የእኛ ጉድለት ብቻ አይደለም። «ቶሚ» ላይ አንድ ሕፃን የሚያየው ግድያ አለ፣ የታሪኩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው። አልበሙ ላይ ግን ግድያው ራሱ አይዘፈንም። የሚሰማው ወላጆቹ ልጁ ሁሉን አይቷል ብለው ሲደነግጡና ምንም አላየህም፣ አልሰማህም ሲሉት ነው። ቀሪውን አድማጩ እንዲገምት ተትቶለታል። ነገሩ ምን ያህል ክፍት እንደነበር የሚያሳየው የ1975 እ.ኤ.አ. ፊልም ነው። በአልበሙ ሐሳብ ከጦር ሜዳ የተመለሰው አባት የሚስቱን ወዳጅ ይገድላል። በፊልሙ ወዳጁ አባትየውን ይገድላል። ገዳይና ሟች ቦታ ተለዋወጡ፣ ዘፈኖቹ ግን በጥቂት ለውጥ ቀጠሉ። ዘፈን እንዲህ ነው፤ ስሜቱን አጥብቆ ይይዛል፣ ማን ምን እንዳደረገ ግን በቀላሉ ያመልጠዋል።

ሞቱን ዘፈኑ ውስጥ ማስገባት

የመጀመሪያው ውሳኔ ከዘፈን ዘፈን መሀል ትልቅ ነገር እንዳይሆን ነበር። ከድጃ መሞት ካለባት አድማጩ እየሰማ መሞት አለባት። ሁለተኛ ዘፋኝ ተፈለገች፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ። አምስተኛው ዘፈን ከሥሩ ፈርሶ እንደገና ተሠራ።

አሁን ዘፈኑ ቅብብል ነው። ድራሙ የእግር ኮቴ ይመታል፣ ሌላ መሣሪያ በጣም ጥቂት ነው። ሙሉ አንድ መስመር ትላለች፣ ከድጃ ትመልሳለች።

*ድንጋዩ አለቀ፣ አሸዋ ነው የቀረን*
*አብሽሪ እህት ዓለም፣ እሱ ነው ያሻገረን*

በመጀመሪያው ዙር መልሱ ሙሉ መስመር ነው። በሁለተኛው ዙር ከድጃ «አብሽሪ እህት ዓለም» ብላ ታቆማለች፣ ቤቱን አትደፋም። በሦስተኛው «አብሽሪ» ብቻ። በአራተኛው ሙሉ መስመሯን ትላለች፣ መልሱ ግን አይመጣም። የመልሱ ቦታ እንዳለ ተትቷል፣ ኮቴው ብቻ ይሄዳል። ሙሉ መስመሯን ትደግማለች። ኮቴው አሁንም ይሄዳል። ሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር መስመሯን አትጨርስም።

«ሞተች» የሚል ቃል የለም። በቀጣዩ የማድመጥ ሙከራ ግን ሞቱን ያልያዘ ሰው አልነበረም። የኪቦርድ ተጫዋቹ እናት መልሱ የቀረበት ቦታ ላይ «ውይ ልጄን» አሉ። የሠራው ባዶው ቦታ ብቻ አይመስለኝም፤ ከሱ በፊት የመጡት ሦስት መልሶች ናቸው። ጆሮ ተቀባይ መጠበቅን ተምሯል። ወሎ ደግሞ መንዙማ እየሰማ ያደገ አገር ነው፤ አንድ ሰው መርቶ ሌላው ሲቀበል መስማት ለማንም አዲስ አይደለም። ባንዱ ከመንዙማ ዜማ አልወሰደም፣ መውሰድም አልፈለገም። የወሰደው ተቀባይ መኖር እንዳለበት ያለውን ልማድ ብቻ ነው።

ዜማ እንደ ሰው

ሁለተኛው እርምጃ ለእያንዳንዱ ሰው መለያ ዜማ መስጠት ነበር። ይህ በኦፔራም በሮክም የቆየ ዘዴ ነው። ዘ ሁ በ1973 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ኳድሮፊኒያ» ለዋናው ገጸ ባሕርይ አራት ገጽታዎች አራት ዜማ መድቧል። የእኛ ልጆች ግን እጃቸው ላይ የተሻለ ነገር ነበር፣ ቅኝት።

የከድጃ ዜማ በትዝታ ማይነር ተሠራ። የሙሉ በአምባሰል። የክራር ተጫዋቹ ይህን የመረጠበት ምክንያት አለው። ትዝታ ማይነርን ከዶ ብንነሳ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል እና ላ ፍላት ናቸው። አምባሰልን ከሶል ብንነሳ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ዶ፣ ሬ እና ሚ ፍላት ይመጣሉ። ያው አምስት ድምፅ ነው። የተለየው ማረፊያው ነው። አንዱ ዶ ላይ ያርፋል፣ ሌላው ሶል ላይ። ክራሩ እንደገና ሳይቃኝ ከአንዷ ልጅ ወደ ሌላዋ መሄድ ይቻላል። መድረክ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በዘፈን መሀል ክራር ሲቃኝ ቆሞ የሚጠብቅ ታሪክ የለም።

ዘዴው የሰመረው ስምንተኛው ዘፈን ላይ ነው። ሙሉ ጅዳ ሆና የመጀመሪያውን ገንዘብ ትልካለች። ዘፈኑን በራሷ ዜማ፣ በአምባሰል ትጀምራለች። «ላኪ» የሚለው ቦታ ላይ የከድጃን ስም ስታስገባ ቤዙ ከሶል ወደ ዶ ይወርዳል። ድምፁ የሙሉ ነው፣ ዜማው ግን የከድጃ ሆኗል። በሕይወት ያለችው የሞተችውን ሆና ትዘፍናለች።

እዚህ ላይ ቤዙን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቅንብር ቤዙ ሶል ላይ እንደቆመ ዜማው ብቻ ነበር የሚቀየረው። ድምፆቹ ያው አምስቱ ስለሆኑ ማንም ለውጡን አልሰማም፣ እኔም ጭምር ሦስት ጊዜ አስደግሜ ነው የያዝኩት። ማረፊያውን የሚናገረው ቤዝ ነው። ቤዙ ሲወርድ ነገሩ ለሁሉም ተሰማ። አድማጮች ስለ ቅኝት አላወሩም፣ ማውራትም የለባቸውም። «እሷን መስላ ዘፈነች» አሉ። ይበቃል።

ተራኪውን ማውጣት

ተራኪው መጀመሪያ ሲሰማ ይጠቅማል፣ ሁለተኛ ጊዜ ይሰለቻል፣ ሦስተኛ ጊዜ ይዘለላል። አልበም ደግሞ ደጋግሞ የሚሰማ ነገር ነው። ልብ ወለድን ሰው አንዴ ያነባል፣ ዘፈንን ግን ሃምሳ ጊዜ ይሰማል። ስለዚህ ተራኪው ወጣ፣ በምትኩ የድምፅ መልእክት ገባ። አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር በ2012 እ.ኤ.አ. አልበሙ ላይ የወላጆቹን የስልክ መልእክት በዘፈኖቹ መካከል አስገብቷል። እናትየው የወሰደባትን መኪና እንዲመልስላት ትጠይቃለች፣ አድማጩ ደግሞ ልጁ የት እንዳለና ምን እየሆነ እንደሆነ በዚያው ይረዳል። ማንም ማብራሪያ እየሰማሁ ነው ብሎ አያስብም።

ለእኛ ኢሞ አለ። የዓረብ አገር ልጅ ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። የከድጃ እናት ማንበብ አይችሉም፤ የልጃቸውን የጽሑፍ መልእክት የጎረቤት ልጅ ያነብላቸዋል፣ እሳቸው በድምፅ ይመልሳሉ። የመጀመሪያው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ከድጃ፣ ብሩ ደርሶኛል። አብሽሪ። ድምፅሽን ብቻ አሰሚኝ።» ከ15 ሰከንድ አይበልጥም። ሙሉ ደግሞ ድምፅ መላክ አትችልም። ምስጢሩ በየዘፈኑ እየጠበቀ የሚሄደው በዚህች ልመና ነው።

መልእክቶቹ መጀመሪያ ለብቻቸው ፋይል ነበሩ። ዩቲዩብ ላይ የ15 ሰከንድ ፋይል ማን ይከፍታል? እያንዳንዱን ከሚቀድመው ዘፈን ጭራ ጋር አጣበቅነው።

ዜማ ብቻውን ያልቻለው

የመጨረሻው ዘፈን የእናትየው ነው። ደራሲው የፈለገው እናትየው እውነቱን ከቆየ ጀምሮ ያውቁ እንደነበር ማሳየት ነው። ልጃቸው እንደሞተች ገብቷቸዋል፣ ብሩን የምትልከው ሙሉ መሆኗንም። ዝም ያሉት ለሙሉ አዝነው ነው። ይህን በዜማ ሊናገር አሰበ። እናትየው የከድጃን ዜማ ይጀምሩና ማረፊያውን የሙሉ ያደርጉታል። ቤዙም አብሮ ወደ ሶል ይወጣል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከስምንተኛው ዘፈን ጋር ፊትና ኋላ ሆኖ የሚገጥም፣ በጣም ያማረ ሐሳብ ነው።

ከባንዱ ውጭ ማንም አልያዘውም። ከሰሙት መካከል ግማሾቹ እናትየው እስከ መጨረሻ እንደተታለሉ ናቸው ብለው ተነሱ። ስምንተኛው ላይ የሠራ ዘዴ እዚህ ለምን እምቢ አለ? እኔ እንደሚመስለኝ ስምንተኛው ላይ ዜማው አድማጩ አስቀድሞ የሚያውቀውን ነገር ነው ያስታወሰው። ከድጃ መሞቷን ያውቃል፣ ሙሉ በስሟ እየጻፈች መሆኑን ከግጥሙ ሰምቷል። ዜማው መጥቶ አጠነከረው። መጨረሻው ላይ ግን ዜማው አዲስ ወሬ እንዲናገር ተጠየቀ። ተመላሽ ዜማ የታወቀ ሰውን ሊጠራ ይችላል፣ «እናትየው ይህን ያውቃሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ግን አይሆንም።

«ኳድሮፊኒያ»ም ይህን ዕዳ ከፍሏል። አራቱ ዜማዎች ድንቅ ናቸው፣ ግን ባንዱ በሸክላው ሽፋን ውስጥ በልጁ አንደበት የተጻፈ ታሪክና የፎቶ መጽሔት ጨምሯል። ያንን ያላነበበ አድማጭ ታሪኩን ከዘፈኖቹ ብቻ መልቀም ይቸግረዋል። እኛ ደግሞ ሽፋን የለንም። ዛሬ ዘፈን የሚደርሰው በስልክ ነው።

መፍትሔው ከተጠበቀው በላይ ቀላል ሆነ። ከመጨረሻው ዘፈን በፊት ባለው መልእክት ላይ አንድ ስም ተቀየረ። እስከዚያ ድረስ እናትየው ሁልጊዜ «ከድጃ» ብለው ነው የሚጀምሩት። አሁን «ሙሉዬ፣ ብሩ ደርሶኛል» ይላሉ። ሌላ ምንም የለም። ስሙ ነገሩን ተናገረ፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዜማም ትርጉም አገኘ። ክራር ተጫዋቹ ትንሽ ከፋው፣ እውነቱን ለመናገር። የዚያ ዘፈን ቅንብር ብዙ ሌሊት ወስዶበታል። ቅንብሩ ግን አልተነካም።

ደላላው

ያልተፈታ ችግር አለ። የደላላው ዘፈን በባቲ ቅኝት ተሠራ፣ ባቲ ገበያ ላይ ስለሚሆን ደራሲው ወዶት ነው። ፈጣን ነው፣ እስክስታ ያስወርዳል። ሐሳቡ ደላላው እንዴት አፉ እንደሚጣፍጥ ማሳየት ነበር። ጣፈጠ፣ ከመጠን በላይ። ባንዱ ሠርግ ላይ ሲሞክረው ሰው ተነስቶ ጨፈረ፣ ድገሙት አለ። ለብቻው ሲወጣ የሚሰማው ሰው ደላላውን እንደ ጀግና ነው የሚቀበለው። ዘፈኑን ማበላሸት አማራጭ አይደለም፣ ምክንያቱም ከአልበሙ ውስጥ ሆኖ በትክክል ይሠራል። ሰው ሲጨፍር ቆይቶ አምስተኛው ዘፈን ላይ ሲደርስ ይቆጨዋል።

የ«ቶሚ» በጣም የታወቀው ዘፈን ስለ ፒንቦል ጨዋታ ነው። የዘ ሁ ጊታሪስትና የዘፈን ደራሲ ፒት ታውንሴንድ የጻፈው አልበሙ ሊያልቅ ሲል ነው፣ ኒክ ኮን የተባለ የፒንቦል ወዳጅ ሐያሲ ሥራው እንዲጥመው ብሎ። ከታሪኩ ጋር ያለው ትስስር ቀጭን ነው፣ ግን አልበሙን ያስተዋወቀው እሱ ነው። እኛም ምርጫው እንዲሁ ሆነብን። ዘፈኑ ሰው ይጠራል፣ የሚጠራው ግን ወደ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ የቅደም ተከተል ጥያቄ መጣ። አንድ የመድረክ አጋር የደላላው ዘፈን አንደኛ ሆኖ ይውጣ አለ። ይህ የት እንደሚያደርስ «ኪስ» የተባለው የአሜሪካ ሮክ ባንድ በ1981 እ.ኤ.አ. ያወጣው ታሪክ የሚናገር አልበም ያሳያል። ለነጠላ ሽያጭ ይሆናሉ የተባሉ ዘፈኖች ወደፊት ተሳቡ፣ የታሪኩ ተራ ተዛባ፣ በመጀመሪያ የገዛው ሰው ታሪኩን ለመከተል ተቸገረ። የታሰበው ተራ የተመለሰው በ1997 እ.ኤ.አ. ዳግም ኅትመት ነው። ልጆቹ ስለዚህ መጀመሪያ ሙሉ አልበሙን በአንድ ቪዲዮ፣ ሳይቆራረጥ ለቀቁት። ነጠላዎቹ በኋላ ቁጥር እየተሰጣቸው ወጡ። ይህም ቢሆን የደላላውን ዘፈን በስልኩ ብቻውን የሚሰማ ብዙ ነው። በዚህ ላይ መድኃኒት አላገኘንም።

መድረኩ

አልበሙ ወደ 11 ዘፈንና 51 ደቂቃ ወርዶ ደሴ ውስጥ በአንድ አዳራሽ ቀረበ። አዳራሹን የፈቀደው መሥሪያ ቤት በመጨረሻ ላይ ስለ ሕገወጥ ስደት ምክር የሚሰጥ ዘፈን እንዲጨመር ጠየቀ። ተጨመረ። ከእናትየው ዘፈን በኋላ ሲመጣ ሰው ጃኬቱን መልበስ ጀመረ። አሁን ያ ዘፈን ከአልበሙ ውጭ ለብቻው አለ፣ እዚያም ክፉ አይደለም።

ሌላው የመድረክ ችግር አምስተኛው ዘፈን ላይ ገጠመ። ከበሮኛው ስሜት ውስጥ ገብቶ መልሱ የሚቀርበት ቦታ ላይ ኮቴውን ዝቅ አደረገው። ሕዝቡ ዘፈኑ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ከድጃ በጭብጨባ መሀል ሞተች። በቀጣዩ ምሽት ኮቴው በዚያው ጉልበት እንዲቀጥል ተደረገ፣ አዳራሹም ጸጥ አለ። ቀረጻው ላይ ቢሆን ይህ ችግር አይታይም ነበር።

ለሌላ ሥራ የሚሆን

ለሚቀጥለው ሰው የምለው በዋናነት ሦስት ነገር ነው። የታሪኩን ወሳኝ ድርጊት በዘፈን ውስጥ አድርገው፣ በዘፈኖች መካከል አትተወው። ድርጊቱን በቃል መናገር ባትፈልግ እንኳ አድማጩ የሚጠብቀውን ነገር አስቀድመህ አስለምደውና ከዚያ ንሳው። ማን እንደሚናገር በድምፅ ለይ፤ ሁለት «እኔ» የሚሉ ሰዎችን አንድ ዘፋኝ ከዘፈናቸው አንድ ሰው ይሆናሉ። የሚመለስ ዜማንም አድማጩ የሚያውቀውን እንዲያስታውስ ተጠቀምበት፤ አዲስ ነገር ለመናገር ስም፣ ቃል፣ መልእክት ያስፈልጋል።

ከዘፈኖቹ የትኛው መውጣት እንዳለበት ለመለየትም አንድ መንገድ ነበረን። እያንዳንዱን ዘፈን አውጥተን አልበሙን ለአዲስ አድማጭ እንሰጣለን፣ «ምን ሆነ?» እንላለን። መልሱ ካልተለወጠ ዘፈኑ ለታሪኩ አያስፈልግም። አምስቱ የወጡት እንዲህ ነው። ከነሱ አንዱ የባንዱ ሁሉ ተወዳጅ ነበር፣ ስለ ሐይቅ የሚያወራ። ለብቻው ወጥቷል፣ ሠርግ ላይም ይዘፈናል። አድማጭ ግን አንዴ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ታሪኩን ያወቀ ሰው ለሁለተኛ ሙከራ አይጠቅምም። ስለዚህ ወዳጅ ዘመድን መጀመሪያ ላይ አትጨርሱ፣ ጥቂቱን ለመጨረሻው ሚክስ አስቀሩ።